የቃል ኦፈር መልእክት ምንድን ነው?

ቀጣሪው ፈተናውንና ቃለ መጠይቁን ጨርሶ «መርጠንዎታል» ብሎ በስልክ የሚነግረው የቃል ኦፈር ይባላል። የቃል ኦፈር መልእክት ደግሞ ስልኩ እንደተዘጋ፣ ቢዘገይ በዚያው ቀን፣ የሚላክ አጭር ጽሑፍ ነው። ምን ሥራ እንደ ቀረበ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግና መልሱ እስከ መቼ እንደሚጠበቅ ይናገራል። የቅጥር ደብዳቤ አይደለም፣ ውልም አይደለም። ከስልኩ እስከ ፊርማው ባሉት ቀናት ሁለቱ ወገኖች አንድ ነገር ይዘው እንዲቆዩ የሚያደርግ ድልድይ ነው።

መልእክቱ በእኛ አገር የሚያስፈልግበት ዋናው ምክንያት «እሺ» የምትለው ቃል ናት። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከፍኖተ ሰላም ስልክ ያነሣ ሰው፣ ቀጣሪው ደመወዙን ሲነግረው «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል። ይህ ብዙ ጊዜ «ሰምቻለሁ» ማለት ነው እንጂ «ተቀብያለሁ» ማለት አይደለም። ደመወዙ ባይጥመው እንኳ፣ በአክብሮት ደውሎ ለነገረው ሰው ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ይከብደዋል። ቀጣሪው ግን እሺታውን እንደ ቁርጥ መልስ ይዞ ተጠባባቂውን ያሰናብታል። በውሉ ቀን ሰው ሲጠፋ ነገሩ የሚገለጠው ያኔ ነው። ስለዚህ ጥሩ መልእክት እምቢታንም ቀላል ያደርጋል፦ ሁለቱንም መልስ በቃሉ ጽፎ ይሰጣል፣ ተቀባዩም አንዱን መርጦ ይልካል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቡሬ ያለ የዱቄት ፋብሪካ ለንብረት ክፍል ሠራተኛ ይፈልጋል። የተመረጠችው ልጅ ደብረ ማርቆስ በሌላ ድርጅት በሥራ ላይ ናት። ስልኩ የተደወለው ሐሙስ ኅዳር 4 ቀን 2018 ነው። መልእክቱ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ ወ/ሪት …፣ ዛሬ በስልክ እንደተነጋገርነው ለንብረት ክፍል ሠራተኛነት መርጠንዎታል። የሥራ ቦታ ቡሬ፤ ደመወዝ በወር 14,000 ብር፣ ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ። መልስዎን እስከ ማክሰኞ ኅዳር 9 ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ በዚሁ ቁጥር ይላኩልን፤ «ተቀብያለሁ» ወይም «አልተመቸኝም» ማለት ይበቃል። ከተቀበሉ ሐሙስ ኅዳር 18 ጠዋት 3 ሰዓት ቢሮ መጥተው ውል ይፈርማሉ። መታወቂያ፣ የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ከነቅጂው፣ የተያዥዎን የደመወዝ ደብዳቤ ይያዙ። ሥራ የሚጀምረው ሰኞ ታኅሣሥ 20 ነው። ቅጥሩ የሚጸናው ውሉ ሲፈረም ነው፤ እስከዚያ ያሉበትን ሥራ አይልቀቁ።»

ቀኖቹ በግምት የተቀመጡ አይደሉም። ከሐሙስ እስከ ማክሰኞ ያለው ጊዜ ቅዳሜና እሑድን ይይዛል። ወደ ቡሬ መዛወር የቤት ጉዳይ ስለሆነ ልጅቷ ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብላ የምትነጋገረው በእነዚያ ቀናት ነው። «እስከ ነገ ጠዋት ንገሪን» ቢባል የሚገኘው ያው የይሉኝታ «እሺ» ነው። ከሳምንት በላይ ከተሰጠ ደግሞ ተጠባባቂው ሌላ ቦታ ይገባል። ከተማ መቀየር ለማይጠይቅ ሥራ ሁለት የሥራ ቀን አያንስም።

«እስከ ማክሰኞ» ብቻ ብሎ መተው ጠብ ይወልዳል፤ ለአንዱ ማክሰኞ ማታም ይቆጠራል፣ ለሌላው ሰኞ ላይ አልቋል። ቀኑ ከነቁጥሩ፣ ሰዓቱም «ከቀኑ» ወይም «ከጠዋቱ» ተብሎ መጻፍ አለበት። የብዙ ሰው ስልክ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ «5:00» ብሎ መላክ ከጠዋቱ አምስት ይሁን ከቀኑ አሥራ አንድ አይለይም።

ውሉ ከመልሱ በኋላ ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ የተቀጠረው በተያዡ ምክንያት ነው። ንብረት ወይም ገንዘብ ለሚይዝ ሰው ዋስ ይጠየቃል፤ ዋሱም ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ማጻፍ አለበት። ደብዳቤው በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። የተያዡን ነገር ለውሉ ቀን ደብቆ ማቆየት ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው፤ ያኔ ሰው አጥቶ የሚቀር ተቀጣሪ ብዙ ነው።

ታኅሣሥ 20 የመጣው ከሕጉ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ልጅቷ ኅዳር 18 ፈርማ ኅዳር 19 የመልቀቂያ ደብዳቤ ብታስገባ፣ ሠላሳው ቀን ታኅሣሥ 19 እሑድ ይሞላል፤ ማግስቱ ሰኞ ነው። ወራችን ሁሌም 30 ቀን ስለሆነ ቆጠራው ቀላል ነው፤ የሚያሳስት ጳጉሜን ብቻ ናት። «በሚቀጥለው ሳምንት ጀምሪ» የሚል ቀጣሪ አሮጌውን ሥራ ያለ ማስጠንቀቂያ ጥለሽ ነይ እያላት ነው።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለሁለቱም ወገን ጥበቃ ነው። በዚሁ አዋጅ የሥራ ውል፣ ሕግ ካላዘዘ በቀር፣ የተለየ ፎርም አይፈልግም፤ በቃልም ሊመሠረት ይችላል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው ውሉ በተደረገ በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ስለዚህ «ቃል ብቻ ነው» ብሎ ያለ ቅድመ ሁኔታ «ተቀጥረዋል» መላክ፣ ኋላ ዋስ ሲታጣ ወይም ማስረጃ ሳይጣራ ሲቀር ለክርክር በር ይከፍታል። የሙከራ ጊዜ ግን በቃል አይጸናም። ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። በስልኩ ላይ መንገር ደግ ነው፤ የሚያጸናው ግን ውሉ ላይ መጻፉ ነው። ይህ ሁሉ የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም፤ እሱ በራሱ አዋጅ ይተዳደራል።

ደመወዙ አጠገብ «ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ» መባሉን አይዝለሉት። በግል ድርጅት የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው፤ ከ14,000 ብር 980 ብር ይሄዳል፣ የሥራ ግብሩም ይከተላል። በስልክ የሰማችውን ቁጥር እጇ የሚገባ መስሏት «ተቀብያለሁ» ያለች ልጅ፣ በመጀመሪያው ደመወዝ ቀን እንደተታለለች ትቆጥራለች።

በቴሌግራም ከተላከ ርዝመቱ አያሳስብም። ኢንተርኔት በማይኖርበት ቀን ግን የሚደርሰው ኤስኤምኤስ ነው፣ እዚያ ደግሞ የግእዝ ፊደል ቦታ ይበላል። በላቲን ፊደል 160 የሚይዘው አንድ መልእክት በአማርኛ የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ረጅሙ ሲከፋፈል እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል። ከላይ ያለው ስድስት ወይም ሰባት ክፍል ይሆናል። ኔትወርክ ሲደክም አንዱ ክፍል ሊዘገይ ይችላል። የሚሻለው ለሁለት ከፍሎ መላክ ነው፦ በመጀመሪያው ቦታው፣ ደመወዙና የመልሱ ቀን፤ በሁለተኛው ስለ ውሉና ስለ ማስረጃው።

ማክሰኞ ጠዋት መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ይደወላል፤ መልእክቱ አልደረሳት ይሆናል። ስልኩ ካልተነሣም 11 ሰዓት ይጠበቃል። ካለፈ በኋላ «ጊዜው ስላለፈ ቦታውን ለሌላ አመልካች ሰጥተናል» የሚል አጭር ጽሑፍ ይላክላትና ተጠባባቂው ይጠራል። ተጠባባቂውን ከ11 ሰዓት በፊት መጥራት አይገባም፤ በ10 ሰዓት ከሃምሳ «ተቀብያለሁ» ብትል ቦታው የእሷ ነው።