የረጅም ቪዲዮ ትራንስክሪፕትን በርዕስ በርዕስ ማውጣት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሁለት ሰዓት የሚጠጋ የስልጠና ቪዲዮ ከፍቶ አንዲት ነገር ፍለጋ ወደፊት ወደኋላ ሲጎትት የሚውል ሰው በጣም ያሳዝነኛል፣ መልሱ እኮ እዛው ውስጥ አለ፣ ግን የቱ ጋ እንደሆነ የሚነግረው ስለሌለ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል። መፍትሄው ከትራንስክሪፕቱ ላይ ርዕሶቹን ከነደቂቃቸው አውጥቶ ማስቀመጥ፣ ማለትም አውትላይን መስራት ነው፣ አሰራሩ ላይ ግን ብዙ የተሳሳተ ነገር ይባላል። ነገሩ መሬት እንዲይዝ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ፦ 1 ሰዓት ከ48 ደቂቃ የሚሄድ የኤክሴል ስልጠና ነው እንበል፣ አሰልጣኙ ስክሪኑን ሼር አድርጎ እያሳየ ያስረዳል፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄና መልስ አለ። ፈላጊያችን ደግሞ VLOOKUP የሚባለውን የኤክሴል መፈለጊያ ቀመር ጽፎ #N/A፣ ማለትም አላገኘሁትም፣ እያለ ያስቸገረው ሰው ነው።

"ማጠቃለያ ከተጻፈለት በቃ፣ ያው አውትላይን ነው"

ስራቸው ለየቅል ነው። ማጠቃለያ የሚጻፈው ቪዲዮውን ለማያይ ሰው ነው፣ አውትላይን ግን ሊያይ ለመጣ ሰው ነው፣ እሱ የሚፈልገው መልሱ ያለበትን ደቂቃ ነው። "አሰልጣኙ ስለ VLOOKUP አጠቃቀምና ስለሚያጋጥሙ ስህተቶች በሰፊው አብራርቷል" የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም ስህተት የለበትም፣ ግን ለኛ ሰውዬ ምን ይሰራለታል? ስህተት የተባለው የሱ ስህተት ይሁን የሌላ አያውቅም፣ የት እንዳለም አያውቅም።

ስለዚህ ርዕስ ስትጽፉ ሰውዬው ሰርች ሲያደርግ የሚጽፈውን ቃል አስቡ። "የተለመዱ ችግሮች" አይባልም፣ "VLOOKUP #N/A ሲል፦ ትርፍ ስፔስ" ይባላል። አሰልጣኙ ራሱ ለክፍሉ ያወጣለትን ስም መተው ብዙ ጊዜ ግድ ነው። "ክፍል ሦስት" ወይም "አሁን ወደ አስደሳቹ ነገር እንሂድ" ብሎ ሊጀምር ይችላል፣ እዛ ቦታ ተቀምጦ ለሚሰማው ሰው ይሄ ይገባል፣ ከውጭ ለሚፈልግ ግን ባዶ ነው። እኔ ርዕሱ ጥሩ መሆኑን የማውቀው እንዲህ ነው፦ ክፍሉ የሚመልሰውን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፍና ከርዕሱ ጋር አስተያየዋለሁ፣ ርዕሱን ብቻ ያየ ሰው ጥያቄውን መገመት ካልቻለ እንደገና እጽፈዋለሁ።

"በየ 10 ደቂቃው ቆርጬ ርዕስ ብሰጠው ይበቃል"

ሰው ሲያስተምር በሰዓት ተከፋፍሎ አያስተምርም። ምሳሌያችን ላይ መግቢያው አምስት ደቂቃ አይሞላም፣ ፒቮት ቴብሉ ደግሞ ሩብ ሰዓት ያልፋል። በየ 10 ደቂቃው ከቆረጣችሁት 50ኛው ደቂቃ ላይ የሚጀምረው ክፍል ውስጥ የ #N/A ጉዳይ ጭራ እና ምንም የማይገናኘው የፒቮት ቴብል መጀመሪያ አብረው ይገባሉ፣ እና ምን ብላችሁ ርዕስ ልትሰጡት ነው?

የሚሻለው ትራንስክሪፕቱን መጀመሪያ ርዕስ ሳይሰጡ ማንበብ ነው። በፍጥነት እያነበባችሁ ነገሩ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ምልክት ብቻ አድርጉ። መታጠፊያው ራሱን ያሳያል፦ "እሺ"፣ "በቃ ይሄ ይሄ ነው"፣ "አሁን ደግሞ"፣ "እዚህ ላይ ጥያቄ አለ?" የሚሉ ቃላት ይበዛሉ፣ አዲስ ፋይል ወይም አዲስ ሺት ይከፈታል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እስከዛ ድረስ ይደጋገሙ የነበሩ ቃላት ይጠፉና አዳዲስ ይመጣሉ። "እሺ" ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፣ አንዳንድ ሰው በየዓረፍተ ነገሩ ይላታል። ቃላቱ ሲቀየሩ ነው እርግጠኛ መሆን የሚቻለው። በሁለተኛው ዙር በምልክቶቹ መሀል ላለው ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ጻፉ፣ ሁለት ተከታታይ ክፍሎች አንድ ዓይነት መስመር ከወጣላቸው መሀላቸው ያለው ምልክት ትርፍ ስለሆነ ይሰረዛል።

"ቃሉን ትራንስክሪፕቱ ላይ ሰርች አድርጌ መጀመሪያ የወጣበትን ደቂቃ እወስዳለሁ"

ብዙ አውትላይን የሚበላሸው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

አንደኛ፣ በማሽን የወጣ ትራንስክሪፕት #N/A ብሎ አይጽፍላችሁም፣ "ኤን ኤ" ወይ "ኤን እና" ወይ ምንም ትርጉም የሌለው ነገር ሊሆን ይችላል፣ VLOOKUP ም "ቪ ሉክ አፕ" ሆኖ በሦስት ተሰንጥቆ ሊመጣ ይችላል። አማርኛው ራሱ ሰርች ላይ ያስቸግራል፣ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፣ አንዱን ጽፋችሁ ካጣችሁት ሌላውንም ሞክሩ።

ሁለተኛ፣ ቃሉ መጀመሪያ የተጠራበት ቦታ ነገሩ የተብራራበት ላይሆን ይችላል። አሰልጣኙ 31:05 ላይ "ኤን ኤ የሚለውን ኋላ እናየዋለን" ብሎ ያልፋል እንበል። ሰርች ያደረገ ሰው እዛች ጋ ደርሶ 31:05 ብሎ ይጽፋል፣ ተመልካቹ ይሄድና ምንም አያገኝም፣ ከዛ በኋላ አውትላይኑን በሙሉ አያምነውም።

ሦስተኛው ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ክፍሉ ከቃሉ በፊት ይጀምራል። 41:10 ላይ አሰልጣኙ አዲስ ሺት ከፍቶ "እስኪ ይሄ ለምን እምቢ እንዳለን እንይ" ይላል፣ ስህተቱ ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብሏል፣ እሱ ግን "ይሄ"፣ "ይቺ" እያለ በማውዙ እያሳየ ይቀጥላል፣ ስሙን የሚጠራው 41:52 ላይ ነው። ትራንስክሪፕት ማውዙን አያይም። 41:52 ላይ የገባ ሰው ምሳሌው ምን እንደነበር ስላላየ ማብራሪያው አይገባውም። ለዚህ ነው እያንዳንዱን ደቂቃ ቪዲዮው ላይ ከፍቶ ማየት የማይታለፈው፣ ጥያቄው የተነሳበትን ዓረፍተ ነገር ፈልጋችሁ እሱ ከመጀመሩ አንድ ሁለት ሰከንድ ቀደም ብላችሁ አስቀምጡ። ቪዲዮውን በሙሉ ማየት አያስፈልግም፣ በየመታጠፊያው ግማሽ ደቂቃ ያህል ካያችሁ በቂ ነው።

"አንድ ርዕስ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚኖረው"

መጽሐፍ ቢሆን ልክ ነበር፣ ንግግር ግን ይመለሳል። አሰልጣኙ ፒቮት ቴብል ውስጥ ገብቶ እያለ አንድ ተሳታፊ "ስፔሱን በ TRIM አጥፍቼ አሁንም #N/A ይለኛል" ይለዋል፣ እሱም 1:08:20 ላይ ወደ VLOOKUP ተመልሶ ሌላውን ምክንያት ያሳያል፦ አንዱ ሺት ላይ ያለው ኮድ ቁጥር ነው፣ ሌላው ላይ ያለው ቴክስት ሆኖ የገባ ነው፣ ለዓይን አንድ ቢመስሉም ኤክሴል አያገናኛቸውም። ይሄ ስድስት ደቂቃ የማይሞላ መልስ ለብዙ ሰው የቪዲዮው ዋና ቦታ ነው፣ ግን "ፒቮት ቴብል" በሚል ርዕስ ስር ከተዋጠ ማንም አያገኘውም።

ስለዚህ ለብቻው ይወጣል፣ የመጀመሪያው ርዕስ ላይም ወደሱ የሚመራ ነገር ይጨመራል። ጥያቄና መልሱም እንደዛው፣ "ጥያቄና መልስ" ብሎ ሃያ ደቂቃ በአንድ መስመር ማለፍ ትልቅ ብክነት ነው፣ ምክንያቱም ሰዎች የሚጠይቁት በትክክል የሚያስቸግራቸውን ነው። ራሱን የቻለ መልስ ያገኘ ጥያቄ የራሱ መስመር ይሰጠው፣ "ይሰማል ወይ?"፣ "ፋይሉ የታለ?" ዓይነቱ ይዘለል። ምሳሌያችን ሲያልቅ ይሄን ይመስላል፦

```
0:00 መግቢያና የመለማመጃ ፋይሉ
4:40 ዳታን በቴብል ማስገባት
17:25 ቀን ስትጽፉ ቁጥር ሲሆንባችሁ
29:50 VLOOKUP አጻጻፍ ከምሳሌ ጋር
41:10 VLOOKUP #N/A ሲል፦ ትርፍ ስፔስ፣ ሌላው ምክንያት ታች አለ
52:35 ፒቮት ቴብል መስራት
1:08:20 VLOOKUP #N/A ሲል፦ ቁጥሩ ቴክስት ሆኖ ሲገባ
1:14:05 ፒቮት ቴብል አዲስ ዳታ አላሳይ ሲል፦ ሪፍሬሽ
1:27:30 ጥያቄ፦ ሁለት ፋይል ማገናኘት
1:33:15 ጥያቄ፦ VLOOKUP ወደ ግራ ይፈልጋል?
```

"ርዕስ በበዛ ቁጥር ለመፈለግ ይቀላል"

እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ብቻ። 60 መስመር ከሆነ ሰው አያነበውም፣ እዛ ውስጥ ደግሞ ሌላ ፍለጋ ይጀምራል። እኔ ለሁለት ሰዓት ቪዲዮ ከ10 እስከ 20 ባለው ውስጥ ለመቆየት እሞክራለሁ፣ አንድ መስመር የሚገባው ሰው ለብቻው ፈልጎት ሊመጣ የሚችል ነገር ከሆነ ነው። አሰልጣኙ መሀል ላይ የተናገራት ቆንጆ ጨዋታ ብትኖርም ማንም ፈልጓት አይመጣምና ትቅር።

"ደቂቃዎቹን አንዴ ከጻፍኩ ስራው አልቋል"

ዩትዩብ ላይ ከሆነ ዲስክሪፕሽን ውስጥ ስትለጥፉት ወደ ቻፕተር እንዲቀየርላችሁ ዝርዝሩ የግድ ከ 0:00 መጀመር አለበት፣ ቢያንስ ሦስት መስመር ይፈልጋል፣ ደቂቃዎቹ በቅደም ተከተል መሆን አለባቸው፣ እያንዳንዱ ክፍልም ከ 10 ሰከንድ ማነስ የለበትም። ብዙ ሰው መግቢያው አይጠቅምም ብሎ 0:00 ን ያጠፋውና ለምን ቻፕተር አልሆነም ብሎ ይጨነቃል። ለአንድ ሰው አንዱን ቦታ ብቻ መላክ ከፈለጋችሁ ደግሞ ደቂቃውን ወደ ሰከንድ ቀይራችሁ watch?v= ያለበት የቪዲዮው ሊንክ መጨረሻ ላይ ጨምሩት፣ 41:10 ማለት 2470 ሰከንድ ስለሆነ እንዲህ ይሆናል፦

```
&t=2470s
```

ሌላው የሚረሳው ኤዲቲንግ ነው። ትራንስክሪፕቱ የወጣው ካልተቆረጠው ሪከርዲንግ ላይ ሆኖ የተለቀቀው ቪዲዮ ደግሞ መጀመሪያው ላይ 2 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ከተቆረጠለት ሁሉም መስመር በዛው ልክ ይዛነፋል፣ 41:10 ያላችሁት አሁን 38:55 ላይ ነው። ለማወቅ ከመጀመሪያው አካባቢ አንድ፣ ከመጨረሻው አካባቢ አንድ መስመር ከፍታችሁ የጻፋችሁት ደቂቃ ቪዲዮው ላይ ካለው በስንት እንደሚለይ እዩ። ሁለቱም ላይ 2:15 ከሆነ ከ 0:00 በስተቀር ከሁሉም ላይ እሱኑ መቀነስ ነው። መጀመሪያው ላይ 2:15 ሆኖ መጨረሻው ላይ 8:15 ከሆነ ግን መሀል ላይ 6 ደቂቃ፣ ምናልባት እረፍቱ፣ ወጥቷል ማለት ነው፣ ከመሀል ያሉትን መስመሮች እየከፈታችሁ ልዩነቱ የት ጋ እንደዘለለ አግኙና ከዛ በፊት ካሉት 2:15፣ ከዛ በኋላ ካሉት 8:15 ቀንሱ።