የቀጠሮ መጠየቂያ ደብዳቤ

የቀጠሮ መጠየቂያ ደብዳቤ አንድ ባለጉዳይ አንድን ኃላፊ ለማነጋገር ጊዜ የሚለምንበት አጭር ጽሑፍ ነው። ሦስት ነገር ይይዛል፤ ለምን እንደተፈለገ፣ መቼ እንደሚቻል፣ ምን ያህል ደቂቃ እንደሚወስድ። ዛሬ በወረቀትም በኢሜይልም ይላካል። ይህ ዳሰሳ በአብዛኛው የሚናገረው ስለ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ነው። የበለጠ የሚያተኩረው ደግሞ ጠያቂው ውጭ አገር ሲሆን በሚፈጠረው ጣጣ ላይ ነው። ጸሐፊው ለዓመታት መዝገብ ቤት ውስጥ ስለሠራ ወደ መዝገብ ቤት ሰዎች ትንሽ ቢያደላ አይገርምም።

በድሮ ጊዜ ቀጠሮ የሚባል ወረቀት አልነበረም፤ ደጅ ጥናት ነበር። ጉዳይ ያለው ሰው ከትልቅ ሰው በር ላይ ቀናት ወይም ወራት ይቆማል። ገባ አልገባ የሚለውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ እልፍኝ አስከልካዩ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን በ1900 ዓ.ም. ከሾሙ በኋላ የመሥሪያ ቤት አሠራር ቀስ በቀስ መጣ፤ በር ላይ መቆም ግን አብሮ ቀጠለ። «ደጅ ጠናሁ» የሚለው ቃል ዛሬም ከአፋችን አልጠፋም።

መዝገብ ቤትና የ«ጉዳዩ» መስመር

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መልክ ብዙም አይለዋወጥም። ከላይ ቀንና ቁጥር፣ ቀጥሎ «ለ» ብሎ ተቀባዩ፣ ከዚያ «ጉዳዩ፦»፣ በመጨረሻ «ከሰላምታ ጋር» ይላል። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ሲደርስ የገቢ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል። ከዚያ ወደ ኃላፊው ጸሐፊ ይሄዳል። ኃላፊው ካየው በኋላ ጥጉ ላይ በእጁ ጽፎ ይመራዋል። ብዙ ባለጉዳይ የማያውቀው ነገር ይህ መምራት ነው። ደብዳቤው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ጊዜ አለኝ ወይ?» ተብሎ አይደለም፤ «ይህ የማን ሥራ ነው?» ተብሎ ነው።

ስለዚህ «ጉዳዩ፦ ቀጠሮ ስለመጠየቅ» የሚል መስመር ምንም አይረዳም። ቀጠሮ እንደተፈለገማ ከደብዳቤው ይታያል። መሪው ለማን እንደሚመራው ስለማያውቅ ወረቀቱ ክምር ውስጥ ይቀመጣል። «ለግል ጉዳይ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ጸሐፊዋ ሥራ ፈላጊ ወይም እርዳታ ጠያቂ ነው ብላ ከታች ታደርገዋለች፤ እኔም ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር።

«ጉዳዩ፦ ለቤተ መጻሕፍቱ የተለገሱ 400 መጻሕፍትን የጉምሩክ ድጋፍ ደብዳቤ በተመለከተ የ30 ደቂቃ ቀጠሮ ስለመጠየቅ» ቢባል ግን ነገሩ ይለወጣል። ኃላፊው በአንድ እይታ ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛ፣ የሚጠበቅበት ፊርማ እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ይህንን የግዥ ወይም የንብረት ክፍል ሊጨርሰው እንደሚችል። አንዳንዴ ቀጠሮው ጭራሽ ሳያስፈልግ ጉዳዩ ያልቃል። ባለጉዳዩ «ዋናውን ሰው አላገኘሁም» ብሎ ያዝን ይሆናል፤ ወረቀቱን ግን ይዞ ይሄዳል።

ጊዜ ማቅረብ ድፍረት ነው?

ክርክር ያለበት ነጥብ ይህ ነው። በዕድሜም በሥልጣንም ከፍ ላለ ሰው «ማክሰኞ 10 ሰዓት ይመችዎታል?» ብሎ መጻፍ ለአንዳንዶች ማዘዝ ይመስላል። «በሚያመችዎ ጊዜ» ማለት ትህትና ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን «በሚያመችዎ ጊዜ» የሚለው ደብዳቤ ሥራውን ሁሉ ለጸሐፊዋ ይተዋል። መጀመሪያ እሷ ጊዜ ትፈልጋለች። ከዚያ ደውላ ትነግራለች፤ «እሱ ቀን አልችልም» ይባላል፤ ደግሞ ትፈልጋለች። በሦስተኛው ጥሪ ነገሩ ይረሳል። ትህትናው ለኃላፊው ከሆነ ለጸሐፊዋስ?

መካከለኛው መንገድ ሦስት የጊዜ አማራጭ አቅርቦ ውሳኔውን ለእሳቸው መተው ነው። «ከሚከተሉት አንዱ ካልተመቸዎት እርስዎ በሚወስኑት ሌላ ቀን እገኛለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ክብሩን ይጠብቃል። ሦስት በቂ ነው። ስድስት አማራጭ ማቅረብ ጸሐፊዋ ስድስት ቦታ በእርሳስ እንድትይዝ ያደርጋታል። በተመሳሳይ ምክንያት የመልስ ቀን መጻፍ ይገባል፤ «እስከ ሐሙስ ካልሰማሁ እነዚህን ቀናት ለሌላ ሰው መስጠት ይቻላል» ማለት ማስፈራራት አይደለም። የተያዘውን ቦታ መልቀቅ ነው።

የሰውየውን ቀን ማክበር ማለት የመሥሪያ ቤቱን ሰዓት ማወቅ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተለመደው ሰዓት ከ2:30 እስከ 6:30 እና ከ7:30 እስከ 11:30 ነው። ዓርብ ጠዋት 5:30 ላይ ያበቃል፤ የጁምዓ ሶላት አለና። ዓርብ 6 ሰዓት ላይ ቀጠሮ የጠየቀ ሰው አገሩን እንደረሳ ይቆጠራል። በብዙ ቦታ የባለጉዳይ ቀን የሚባል ስላለም አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ሰኔ ደግሞ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ነው። ሰኔ 30 ከማለፉ በፊት ለአዲስ ጉዳይ ጊዜ የሚያገኝ ሰው ዕድለኛ ነው።

ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ቀን መቁጠሪያ

ጠያቂው ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሲሆን ዋናው ችግር ትህትና ሳይሆን ሰዓት ይሆናል። የእኛ ሰዓት ቀኑን ከንጋት ይቆጥራል፤ የፈረንጁ ከእኩለ ሌሊት። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። «ከቀኑ 10:00» ብሎ የጻፈ ሰው ስልኩ ላይ 10:00 ኤኤም ብሎ ቢያስገባ ቀጠሮው በእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ሆኖ ይመዘገባል። ኃላፊው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሲጠብቁ ስብሰባው ካለፈ 6 ሰዓት ሆኖታል።

ቀላሉ መከላከያ በ24 ሰዓት አጻጻፍ መጨመር ነው። የእኛ ሰዓት ከ12 አያልፍም። ስለዚህ «16:00» የሚል ቁጥር ያየ ሰው የፈረንጅ እንደሆነ ያውቃል፤ የሚያምታታ ነገር የለም። የጠዋት ሰዓት ግን በዚህ አይድንም። «9:00» ሁለቱንም ሊሆን ስለሚችል «ከጠዋቱ 3:00፣ በፈረንጅ 9:00 ኤኤም» ብሎ ሁለቱን መጻፍ ግድ ነው። የስልክ ቀን መቁጠሪያ ላይ ግብዣ ሲላክ ደግሞ የሰዓት ቀጠናው Africa/Addis_Ababa ተብሎ ይመረጥ።

ቀኑም እንዲሁ ነው። «11/3/2018» እዚህ ኅዳር 11 ነው። አሜሪካ ያለ ሰው ኖቬምበር 3 ብሎ ያነበዋል። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ይህን ያጠፋል። በጣም የሚረዳው ግን የዕለቱ ስም ነው። ማክሰኞ በሁለቱም መቁጠሪያ ማክሰኞ ነው። ጠያቂው ቀኑን ሲቀይር ተሳስቶ ከሆነ የዕለቱ ስም አይገጥምም፤ ጸሐፊዋ ወዲያው ታየዋለች። እኔ መዝገብ ቤት ሳለሁ ስንቱን ስህተት የያዝኩት በዚህ ነው።

አንድ ምሳሌ

ዋሽንግተን የሚኖር ሰው ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ይጽፋል እንበል። በፈረንጅ ኦክቶበር 28፣ 2025 መሆኑ ነው። ሰውየው በስልክ መነጋገር የሚፈልገው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በኅዳር ሁለተኛ ሳምንት ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ያሰላል። በሚጽፍበት ቀን በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል 7 ሰዓት ልዩነት አለ። ነገር ግን አሜሪካኖቹ እሑድ ጥቅምት 23 ሰዓታቸውን ወደኋላ ይመልሳሉ፤ ልዩነቱ 8 ይሆናል። ኢትዮጵያ ሰዓት አትቀይርም። በሚጽፍበት ቀን ልዩነት ቢያሰላ ከቀኑ 10:00 ለእሱ 9:00 ኤኤም ይመስለዋል። በቀጠሮው ቀን ግን 8:00 ኤኤም ነው። አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይደውልና «የሐበሻ ቀጠሮ» ይባላል፤ ጥፋቱ ግን የአሜሪካ ሰዓት ነው።

ቀጥሎ ቀናቱን ይመርጣል። ዓርብ ኅዳር 12 የኅዳር ሚካኤል ነው። ሥራ ባይዘጋም ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄድ አያቀርበውም። ከዚያ በፊት ያሉትን ማክሰኞን፣ ረቡዕንና ሐሙስን ይመርጣል። የጠዋቱን የሥራ ሰዓት መምረጥ አይችልም፤ እሱ ዘንድ ሌሊት ነው። ደብዳቤው እንዲህ ይሆናል፦

«ጉዳዩ፦ ለቤተ መጻሕፍቱ የተለገሱ 400 መጻሕፍትን የጉምሩክ ድጋፍ ደብዳቤ በተመለከተ የ30 ደቂቃ የስልክ ቀጠሮ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። መጻሕፍቱ ዋሽንግተን ተሰብስበው ለጭነት ተዘጋጅተዋል። ከእርስዎ የምፈልገው የድጋፍ ደብዳቤውን ማን እንደሚጽፍና ምን ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ ማወቅ ነው። የመጻሕፍቱን ዝርዝር አያይዣለሁ።

ከሚከተሉት አንዱ ቢመችዎት፣ በአዲስ አበባ ሰዓት፦
ማክሰኞ ኅዳር 9 ከቀኑ 10:00 (16:00)
ረቡዕ ኅዳር 10 ከቀኑ 9:30 (15:30)
ሐሙስ ኅዳር 11 ከቀኑ 10:30 (16:30)

ካልተመቸዎት እርስዎ በሚወስኑት ቀን እደውላለሁ። ጉዳዩን ሌላ ክፍል የሚመለከተው ከሆነም ወደዚያ ቢመሩልኝ አመሰግናለሁ። እስከ ሐሙስ ጥቅምት 27 መልስ ካልደረሰኝ ጸሐፊዎን በስልክ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

በጥቅምት 27 ሲደውል «ቀጠሮዬ እንዴት ሆነ?» አይልም። «የገቢ ቁጥሩን ማግኘት እችላለሁ?» ይላል። ቁጥር ከሌለ ደብዳቤው መዝገብ ቤት አልደረሰም፤ ኢሜይሉ እንደገና ይላካል። ቁጥር ካለ ለማን እንደተመራ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ጥሪው ወደ ተመራበት ክፍል ይሄዳል።

ቀጠሮው ከተያዘ በኋላ የሚቀርበት ምክንያት ከመጣ ከአንድ ቀን በፊት ለጸሐፊዋ መንገር ይበቃል። ለኃላፊው በቀጥታ መደወል አያስፈልግም፤ ማስታወሻ ደብተሩ ያለው እሷ ጋ ነው።