ኢንቨርተርና ባትሪ ለጅማ ቤት፦ የሚባለውና እውነታው

ክረምት ገብቶ ዝናብና መብረቅ ሲበዛ፣ ጅማ ላይ ማታ መብራት መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም። ትንሽ ኢንቨርተር ከአንድ ባትሪ ጋር አገናኝቶ ሁለት ሦስት አምፖልና ቴሌቪዥን ማስኬድ ይቻላል። ግን በዚህ ነገር ላይ የሚባለው ሁሉ ትክክል አይደለም። ከሰው የምሰማውን እንዳለ ላስቀምጥና ልመልስ።

«የመኪና ባትሪ አለኝ። 12 ቮልት ያው 12 ቮልት ነው፣ እሱ አይሆንም?»

ይሠራል፣ ግን ዕድሜ የለውም። የመኪና ባትሪ የሚሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው። ለጥቂት ሰከንድ ብዙ መቶ አምፔር ይሰጣል፣ ከዚያ ዲናሞው ወዲያው ይሞላዋል። ለዚህ ሲባል በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ስስ ናቸው። ቴሌቪዥን ደግሞ ትንሽ ትንሽ እየወሰደ ለሰዓታት ያራግፈዋል። ስስ ሳህን ደጋግሞ እንዲህ ሲራገፍ እየተፈረፈረ ያልቃል። ዲፕ ሳይክል የሚባለው ባትሪ ሳህኑ ወፍራም ስለሆነ ይህን ይችላል።

ስትገዙ ላዩ ላይ የተጻፈውን እዩ። ጎልቶ የተጻፈው የማስነሻ አምፔር (ሲሲኤ) ከሆነ የመኪና ነው። የዲፕ ሳይክሉ በአምፔር ሰዓት ይገለጻል። በእጃችሁም አንሱት፤ እውነተኛ የ100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። በጣም ከቀለለ ጠርጥሩ።

«ሻጩ 100 አምፔር ነው ብሎኛል። ሌሊቱን ሙሉ ያስኬዳል አይደል?»

እስቲ ኮቺ አካባቢ ያለ አንድ ቤት እንውሰድና እንቁጠረው። 32 ኢንች ኤልኢዲ ቴሌቪዥን አላቸው፣ 50 ዋት ይበላል። ሪሲቨሩ 15 ዋት። ሳሎን፣ ጓዳና በረንዳ ላይ ሦስት ባለ 9 ዋት አምፖል አለ፣ 27 ዋት። ሁሉም አንድ ላይ 92 ዋት ነው።

አሁን ወደ ባትሪው። 100 አምፔር ሰዓት በ12 ቮልት ሲባዛ 1200 ዋት ሰዓት ይሆናል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 1200ውን ለ92 አካፍሎ 13 ሰዓት ይላል። የእርሳስ ባትሪ ግን ዕድሜ እንዲኖረው ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ስለዚህ በእጃችን ያለው 600 ነው። ከዚያ ላይ ኢንቨርተሩ 12 ቮልቱን ወደ 220 ሲቀይር ከመቶ 15 ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። 510 ቀረ። ለ92 ስናካፍለው 5 ሰዓት ተኩል ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት መብራት ቢሄድ፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ማጥፋት አለባችሁ ማለት ነው። ቴሌቪዥኑን ዘግተው አምፖሎቹን ብቻ ቢያበሩ ግን እስኪነጋ ይደርሳል።

ግማሽ መድረሱን በምን እናውቃለን? በቴስተር። ሙሉ ባትሪ ምንም ሳይጎትተው ለጥቂት ሰዓት አርፎ ሲለካ 12.7 ቮልት ገደማ ነው፤ 12.2 ሲሆን ግማሽ ላይ ነው። ሥራ ላይ እያለ ከዚህ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢታይ አትደንግጡ። ኢንቨርተሩ እስኪጮህ አትጠብቁ ግን። ብዙዎቹ ራሳቸውን የሚያጠፉት 10.5 ቮልት አካባቢ ነው፣ ያኔ ባትሪው ተሟጧል።

«ካወጣሁ አይቀር 2000 ዋቱን ልግዛ»

ለዚህ ቤት 300 ዋት ይበቃል፣ ይተርፋልም። ትልቁ ኢንቨርተር ባትሪውን አያሳድገውም። ይልቁንም ምንም ሳይሰካበት ራሱ 20 ዋት ሊበላ ይችላል፤ ከሁለት አምፖል በላይ ነው። ምጣድ ላስኬድበት ብሎ የሚያስብም አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ይፈልጋል፣ እርሱት።

«ሽቦ ያው ሽቦ ነው። ከቤት መስመር የተረፈ አለኝ»

በ220 ቮልት 300 ዋት ማለት 1.4 አምፔር ያህል ነው። በ12 ቮልት ግን ወደ 30 አምፔር ይሆናል። ለሶኬት የሚዘረጋውን ባለ 2.5 ሽቦ 3 ሜትር ርቀት ብትስቡበት፣ በ92 ዋት እንኳ 0.4 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ባትሪው ጋ 12.2 የነበረው ኢንቨርተሩ ጋ 11.8 ሆኖ ይደርሳል። ባትሪው ገና ሳያልቅ ኢንቨርተሩ የሚጮኸው አንዳንዴ ለዚህ ነው።

ኢንቨርተሩን ባትሪው አጠገብ አድርጉት፣ በላዩ ላይ ግን አይደለም። ባለ 10 ሽቦ፣ ከ1 ሜትር ያልበለጠ። ርቀት ካስፈለገ በ220ው በኩል ይርዘም። ከፖዘቲቩ ፖል አንድ ስንዝር ያህል ርቆ 40 አምፔር ፊውዝ ይግባ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ባትሪ ሾርት ሲያደርግ ከ1000 አምፔር በላይ ሊለቅ ይችላል፣ ሽቦውን ያነደዋል፣ ቆጣሪው ጋ ያለው ብሬከር ደግሞ ምንም አያውቅም።

ስታገናኙ ኢንቨርተሩ ጠፍቶ ይሁን፣ መጀመሪያ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ ኔጌቲቭ። መጨረሻ ላይ ብልጭ ብትል የተለመደ ነው፤ የኢንቨርተሩ ካፓሲተር እየሞላ ነው። ግማሽ ሰዓት ካሠራችሁት በኋላ አጥፉና ማሰሪያዎቹን በጣት ንኩ። አንዱ ከሌላው ይልቅ ከሞቀ በደንብ አልጠበቀም።

«ሁለት ጫፉ ስፒና የሆነ ገመድ ሠርቼ ሶኬት ላይ ብሰካው የቤቱ መብራት ሁሉ ይበራል»

ይበራል፤ ሰውም ይገድላል። አንዱ ጫፍ ሲነቀል የወጣው ብረት 220 ቮልት ተሸክሞ ነው የሚንጠለጠለው። ዋናው ብሬከር ካልወረደ ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው አልፎ ወደ ውጭው መስመር ይወጣል፣ እዚያ መስመሩ ሞቷል ብሎ የሚጠግን ሠራተኛ ሊኖር ይችላል። መብራት ድንገት ሲመጣ ደግሞ ሁለቱ ይጋጩና ኢንቨርተሩ ይቃጠላል።

ቀላሉ መንገድ ማከፋፈያውን ቀጥታ ኢንቨርተሩ ላይ ሰክቶ ቴሌቪዥኑንና አምፖሎቹን ከእሱ መውሰድ ነው። የግድግዳው መስመር ካልሆነ የምትሉ ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ቼንጅ ኦቨር ስዊች ይግጠምላችሁ። እሱ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያስገባው።

«መብራት ሲመጣ ባትሪው በራሱ ይሞላል»

ቻርጀር ያለው ኢንቨርተር ከሆነ፣ አዎ። ተራው ኢንቨርተር ግን ማውጣት እንጂ ማስገባት አያውቅም፣ ለብቻው ቻርጀር ይፈልጋል። ለ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ባለ 10 አምፔር ይሆናል። እስከ 14.4 ቮልት ገደማ ሞልቶ ከዚያ በራሱ ዝቅ የሚል ይሁን፤ ለጄልና ለሌሎች ድፍን ባትሪዎች ግን ላያቸው ላይ የተጻፈውን ቮልት ተከተሉ። ግማሹ ያለቀ ባትሪ በዚህ ቻርጀር ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈጅበታል፣ የመጨረሻዋ ትንሽ ክፍል ቀስ እያለች ነው የምትገባው። ማታ ተጠቅማችሁ ከሆነ ጠዋት ሰክታችሁት ውጡ። ሳይሞላ ለቀናት የተቀመጠ ባትሪ ሳህኑ ላይ ነጭ ጨው ይጋግራል፣ ከቆየ አይለቅም። ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ ሲሞላ የሚነድ ጋዝ ያወጣልና መኝታ ቤት ወይም ከሰል የሚነድበት ጓዳ ውስጥ አይቀመጥ።