የኤሲሲኤ የሥነ ምግባር ደንብና የዲሲፕሊን ሂደት

መነሻውን በ1904 እ.ኤ.አ. ያደረገውና ዋና መሥሪያ ቤቱ ለንደን የሚገኘው የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ኤሲሲኤ፣ አባላቱን የሚዳኝበት የሥነ ምግባር ደንብ በአምስት መርሆዎች ላይ የቆመ ነው፤ እነሱም ሐቀኝነት፣ ገለልተኝነት፣ ብቃት ከተገቢ ጥንቃቄ ጋር፣ ምስጢር ጠባቂነትና ለሙያው የሚመጥን ምግባር ናቸው። ደንቡ የሚጸናው በአባላት ላይ ብቻ ሳይሆን ገና በሚማሩትም ላይ ነው፤ ባለሙያው አዲስ አበባ ቢሠራም ተጠሪነቱ ለዚሁ ደንብ ነው። በአገሩ ፍርድ ቤት በወንጀል የተፈረደበት ወይም በሌላ የሙያ ማኅበር የተቀጣ ሰውም ይህንኑ ለኤሲሲኤ ሳይዘገይ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ክስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የተጭበረበረ ኦዲት ነው። በቅርብ ዓመታት የማኅበሩን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ደጋግሞ ያጋጠመው ግን የሥራ ልምድ መዝገብ ነው። አባል ለመሆን ፈተና ማለፍ ብቻውን አይበቃም፤ የ36 ወር የሥራ ልምድና ዘጠኝ የአፈጻጸም ግቦችም ያስፈልጋሉ። ለእያንዳንዱ ግብ አመልካቹ የሠራውን በራሱ አንደበት በአጭሩ ይጽፋል፤ ሥራውን የሚያውቅ ብቁ ተቆጣጣሪም ያጸድቅለታል። መዝገቦቹ ጎን ለጎን ሲነበቡ፣ በተለያየ ድርጅት ሠራን ያሉ ሰዎች ስለ አንድ ግብ የጻፉት ቃል በቃል ተመሳስሎ ተገኘ፤ የጸደቀላቸውም በእውነት ባልተቆጣጠሯቸው ሰዎች ስም ነበር። በአንድ ዙር ብቻ ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች ተጠርጥረዋል።

መርማሪው ጥያቄውን የሚልከው በመዝገብ ወዳለው የኢሜይል አድራሻ ነው። ብዙዎች የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው፤ ለምርመራው አለመተባበር ራሱን የቻለ ጥፋት በመሆኑ፣ ዝም ያለ ሰው በዋናው ክስ ላይ ሌላ ክስ ይጨመርበታል። ጉዳዩ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ከተመራ በኋላ ለተከሳሹ ከችሎቱ 28 ቀን በፊት ማስታወቂያ ይደርሰዋል፤ ባይቀርብም በሌለበት ሊታይ ይችላል። ማስረጃው የሚመዘነው እንደ ወንጀል ችሎት ከጥርጣሬ በላይ በሆነ መጠን ሳይሆን፣ የትኛው ይበልጥ እውነት ይመስላል በሚለው ሚዛን ነው።

ቅጣቱ ከተግሣጽና ከወቀሳ ተነሥቶ፣ በከባድ ወቀሳ አልፎ፣ ከአባልነት እስከ መሰረዝ ይደርሳል፤ እምነት ማጉደል በተረጋገጠበት ጉዳይ ላይ ግን መሰረዝ የተለመደ ነው። ከዚህ ሌላ የምርመራውንና የችሎቱን ወጪ እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል። የተሰረዘ ሰው በስሙ ትይዩ የማኅበሩን ምህጻረ ቃል መጻፍ አይችልም። ውሳኔውም እንደ ደንቡ ከነስሙ በማኅበሩ ድረ ገጽ ስለሚወጣ፣ ስሙን የሚፈልግ ቀጣሪ በቀላሉ ያገኘዋል፤ በእኔ ግምት ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ይኸኛው ነው። በውሳኔው ያልተስማማ ሰው የጽሑፍ ምክንያቱ ከደረሰው በኋላ በ21 ቀን ውስጥ ይግባኝ ለማለት ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፤ ተመልሶ ለመግባት የሚፈልግ ደግሞ በጥቂቱ 12 ወር መጠበቅ አለበት።