ዲያቤቲክ ኬቶአሲዶሲስ ምንድን ነው? የስኳሩን ቁጥር ብቻ ለሚያዩ

«ኬቶአሲዶሲስ ማለት ስኳር በጣም ከፍ ሲል ነው። ውሃ በደንብ ጠጥቶ ስኳሩን ማውረድ ነው።» ሰሞኑን አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ሲመክር ሰማሁ። የሰሙትም አመስግነውት ተለያዩ። ይህን ምክር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ዲያቤቲክ ኬቶአሲዶሲስ የሚመጣው ኢንሱሊን ሲጠፋ ወይም በጣም ሲያንስ ነው። የስኳር መጨመር የዚህ እጥረት አንዱ ውጤት ነው። ሰውን ለሞት የሚያደርሰው ግን በዋናነት ደም አሲድ መሆኑ፣ ከባድ ድርቀትና የፖታሲየም መዛባት ነው።

ደጁ ላይ እንጨት የተከመረበት ቤት አስቡ። እንጨቱን ተሸክሞ የሚያስገባው ሰው ዛሬ ቀርቷል። ውስጥ ያሉት በርዷቸው ወንበሩንና አልጋውን እየሰበሩ ማንደድ ጀመሩ። እሳቱ ያሞቃቸዋል፤ ጭሱ ግን ቤቱን ሞላው። እንጨቱ ስኳር ነው፣ ተሸካሚው ኢንሱሊን ነው፣ የሚሰበረው ዕቃ የሰውነት ስብ ነው፣ ጭሱ ደግሞ ኬቶን የሚባለው አሲድ። መካሪያችን ደጅ ወጥቶ ክምሩን ያያል። ቤቱ ውስጥ ያሉት የሚታፈኑት ግን በጭሱ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ኬቶን በራሱ መርዝ አይደለም። ምግብ ሳይበላ የቆየ ጤነኛ ሰውም ያመነጫል። ልዩነቱ እሱ ጋ ጥቂት ኢንሱሊን መኖሩ ነው፤ ያ ጥቂት ኢንሱሊን የስቡን መቃጠል ልክ ያስይዘዋል። ስለዚህ «ኬቶ ዳይት ላይ ነኝ፣ ኬቶአሲዶሲስ ያዘኝ ማለት ነው?» ለሚል የስኳር ህመም የሌለበት ሰው መልሴ አብዛኛውን ጊዜ «አይደለም» ነው።

አሁን በብዛት የሚያጋጥመውን ጉዳይ በምሳሌ እንየው። የ19 ዓመት ወጣት ናት እንበል፤ ዓይነት 1 የስኳር ህመም አለባት። ሆዷን አሟት ማስመለስ ጀመረች። ምንም አልበላችም። «ባዶ ሆዴን ከወሰድኩ ስኳሬ ይወርድብኛል» ብላ የማታውን ረጅም ሰዓት የሚሠራ ኢንሱሊን ዘለለችው። ቤተሰቦቿም ተስማሙ።

ለሰሚው ትክክል ይመስላል፤ ግን ትልቁ ወጥመድ ይኸው ነው። ሰው ባይበላም ጉበት ስኳር እያመረተ ወደ ደም ይለቃል። ሰውነት ሲታመም ደግሞ እንደ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ያሉ የጭንቀት ሆርሞኖች ስለሚጨምሩ የኢንሱሊን ፍላጎቱ ብዙ ጊዜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የምግቡ ኢንሱሊን በሐኪም ምክር ሊቀነስ ይችላል። ዓይነት 1 ያለበት ሰው መሠረታዊውን፣ ረጅም ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን ጨርሶ ማቆም ግን የለበትም።

ጠዋት ስትለካ 290 ሆነ። «ከዚህም በላይ አይቼ አውቃለሁ» ብላ ተኛች። ውሃ ይጠማታል፣ ሽንቷ በዝቷል፣ የጠጣችውን ያስመልሳታል፣ ሆዷ ይቆርጣታል። ቤት ያለው ሁሉ ጨጓራ ነው አለ። ከሰዓት በኋላ ትንፋሿ ተለወጠ፤ ሩጫ የጨረሰች ይመስል በጥልቀትና በፍጥነት ትተነፍሳለች። ሳል የለም፣ ትኩሳት የለም። ሰውነቷ ጭሱን ለማስወጣት መስኮቱን ሁሉ ከፍቷል ማለት ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዛት ሲወጣ የደሙ አሲድነት ትንሽ ይረግባል። አፏ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ወይም የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። (ይህን ሽታ ጨርሶ የማይለዩ ሰዎች አሉ፤ ስላልሸተታችሁ የለም አትበሉ።) ማታ ላይ ስትጠራ የምትመልሰው በግድ ሆነ። መፍዘዝ ሲመጣ በጣም ዘግይቷል።

ሆስፒታል ስትደርስ ስኳሯ 420፣ የደሟ ፒኤች 7.1 ነው፤ ፒኤች ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው። ጤናማው ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። ፖታሲየሟ 5.2፣ ትንሽ ከፍ ያለ። ቤት መቆየት ይቻላል የሚሉ ሰዎች የማያውቁት እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ከፍ ቢልም ሰውነቷ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ፖታሲየም ጎድሏል፤ ብዙ ፖታሲየም በሽንትና በትውከት ወጥቷል፣ ከቀረው ከፊሉ ከሴል ወደ ደም ስለወጣ ነው በዝቶ የሚታየው። ኢንሱሊን ሲሰጥ ወደ ሴል ይመለስና በደም ውስጥ ያለው በፍጥነት ይወርዳል። በጣም ከወረደ ልብ ምቱን ሊስት፣ ሊቆምም ይችላል። ስለዚህ ኢንሱሊን ከመጀመሩ በፊት ፖታሲየም ይለካል፤ ከ3.5 በታች ከሆነ መጀመሪያ ፖታሲየሙ ይተካል፣ ኢንሱሊኑ ይቆያል። ከዚያም በየጥቂት ሰዓቱ ይለካል። ይህን ቤት ውስጥ በጣት መለኪያ ማን ይሠራዋል?

ሕክምናው የሚጀምረው በደም ሥር በሚሰጥ የጨው ፈሳሽ ነው። ቀጥሎ ኢንሱሊን ሳይቋረጥ በጥቂት በጥቂቱ ይገባል፤ የተለመደው በሰዓት ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.1 ዩኒት ነው። ልጆች ላይ ፈሳሹ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አንጎል ሊያብጥ ይችላልና።

ከጥቂት ሰዓት በኋላ ስኳሯ 230 ደረሰ። ነርሷ ግሉኮስ ሰቀለች፤ ኢንሱሊኑም አልቆመም። አባት ተቆጡ፦ «ለስኳር በሽተኛ ግሉኮስ? ልጄን ልትገድሏት ነው?» ቁጣቸው ይገባኛል። ግን ክምሩ ቀነሰ እንጂ ጭሱ ገና አልወጣም። አሲዱ እስኪጠፋ ኢንሱሊን መቀጠል አለበት፤ ስኳሯ ከልክ በላይ እንዳይወርድ ግሉኮሱ አብሮ ይሰጣል። ስኳሩ ወረደ ብሎ ኢንሱሊኑን ማቆም ሁሉን ነገር እንደገና ያስጀምረዋል።

የዚህች ልጅ መነሻ ህመምና የተዘለለ ኢንሱሊን ነበር። ኢንፌክሽንና የኢንሱሊን መቋረጥ በብዛት የሚታዩት መነሻዎች ናቸው፤ ሙቀት ያበላሸው ኢንሱሊን ወይም የተደፈነ የኢንሱሊን ፓምፕ ቱቦም እንደ መቋረጥ ይቆጠራል። ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ቀዶ ሕክምናና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችም ያመጡታል። የስኳር ህመም እንዳለበት የማያውቅ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ በሽታው የሚታወቅለት በዚሁ ሊሆን ይችላል። ዓይነት 2 ያለባቸውም ነፃ አይደሉም።

መካሪያችንን ጨርሶ የሚረታው ግን ሌላ ነው። ኢምፓግሊፍሎዚን ወይም ዳፓግሊፍሎዚን የሚባሉትን የስኳር መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች ስኳራቸው 180 ሆኖ ኬቶአሲዶሲስ ሊይዛቸው ይችላል። መድኃኒቱ ስኳሩን በሽንት ጠርጎ ስለሚያስወጣው ደጁ ንጹሕ ይመስላል፤ ቤቱ ግን በጭስ ታፍኗል። እነዚህ ሰዎች ሲያስመልሳቸውና ምግብ ሲያቅታቸው፣ ቁጥሩ ምንም ይበል፣ ኬቶን መለካት አለባቸው።

በደም የሚለካ ኬቶን 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ከ1.5 በላይ ከሆነም ለሐኪም ይደወላል። የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ብቻ ካለ ይጠቅማል፤ ግን ዋናውን የኬቶን ዓይነት ስለማይለካ «ትንሽ ነው» ቢል አያዘናጋ። መለኪያም ባይኖር የስኳር ህመም ያለበት ሰው ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ትንፋሹ ከጠለቀ ወይም ከፈዘዘ ነገን ሳይጠብቅ ሆስፒታል ይሂድ። ሲሄድም የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችና የመጨረሻውን ኢንሱሊን መቼ እንደወሰደ የሚናገርለት ሰው ይከተለው።