ሙከራ ስንት ነበር? የጨዋታ ቪዲዮ በእጅ ለምትቆጥሩ

«ሙከራ ምን እንደሆነ ማን የማያውቅ አለ? ዝም ብለን እንቁጠር።»

አዲስ በጎ ፈቃደኛ በመጣ ቁጥር ይቺን እሰማለሁ። ሰልችቶኛል። መልሴ አንድ ወረቀት ነው፤ ከዚያ ወረቀት በፊት ደግሞ አንድ ታሪክ አለ።

ደሴ ላይ የአንድ ታዳጊ ቡድን ጨዋታ በስልክ ቀረጽን። ሁለት ልጆች የመጀመሪያውን አጋማሽ ለየብቻ አይተው የቀይ ለባሾቹን ሙከራ መዘገቡ። አንዱ 8፣ ሌላውም 8 አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። እኔ ግን ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጬ ደቂቃና ሴኮንዱን አየሁ። የሚገናኙት 5 ብቻ ናቸው! የቀሩትን 3 አንዱ ብቻ አይቷቸዋል፤ ሌላውም የራሱ 3 አለው። በድምሩ 11 ቅጽበት ተመዝግቦ የተስማሙት በ5ቱ ነው። እኩል የሆነው ድምር ሸውዶናል።

ቪዲዮውን መልሰን ስድስቱን አንድ በአንድ አየናቸው። የመጀመሪያው ልጅ ብቻውን ከያዛቸው ሁለቱ ተከላካይ እግር ላይ የቀሩ ምቶች ናቸው፤ ሌላው ልጅ «በረኛው ጋ ሳይደርስ ምኑ ሙከራ ነው?» ብሎ ዘሏቸዋል። ሦስተኛው የጨዋታ ውጪ ፊሽካ ከተነፋ በኋላ የተመታ ነው። የሁለተኛው ልጅ ደግሞ ከክንፍ ተሻምታ በአግዳሚው በላይ የሄደች ኳስ፣ በረኛው መልሷት እንደገና የተመታች ኳስ፣ እና ከማዕዘን ምት በጭንቅላት ተገጭታ በጎን የወጣች ናት። ሁለቱም ልጆች ኳስ ያውቃሉ። ችግሩ እውቀት አልነበረም፤ ድንበሩን ማንም አልነገራቸውም።

ያን ቀን የጻፍነው ይኸው ነው፦ ተጫዋቹ ጎል ለማግባት ብሎ በእግር ከመታት ወይም በጭንቅላት ከገጫት ሙከራ ነው። ተከላካይ ቢያግዳትም ይቆጠራል። ተመልሳ ድጋሚ ከተመታች ሌላ ሙከራ ነች። ከፊሽካ በኋላ የሆነው አይቆጠርም። የተሻማች ኳስ መረብ ካልነካች አትቆጠርም።

በዚህ ሕግ ከ11ዱ ሁለቱ ወደቁ፤ ትክክለኛው ቁጥር 9 ሆነ። ሁለቱም ልጆች 8 ብለው ሁለቱም ተሳስተው ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራ ከመከፋፈላችሁ በፊት ሁለት ሰው ያንኑ 15 ደቂቃ ይቁጠር። ድምሩን ተዉት፤ ቅጽበቶቹን አገናኙ። ልዩነቱ ከ3 ሴኮንድ ካልበለጠ አንድ ነው በሉት። ሰዓቱን የምትጽፉት እግር ወይም ጭንቅላት ኳሷን በነካበት ቅጽበት ነው፤ የምትጽፉትም ቪዲዮው ላይ የሚታየውን እንጂ የዳኛውን ሰዓት አይደለም። ባልተስማማችሁበት ሁሉ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ትጨመራለች። የእኛ ወረቀት አሁን በሁለቱም ገጽ ሞልቷል።

«ምልክት በበዛ ቁጥር ብዙ እናውቃለን።»

እያንዳንዱን ድርጊት በአንድ ፊደል ምልክት ነው የምንመዘግበው። 20 ምልክት የያዘ ልጅ ወረቀቱን ሲፈልግ ኳሷ ታልፈዋለች። አምስት ይበቃል። ከአምስቱ አንዷን ደግሞ «አልታየም» ለማለት መድቡ። የእኛዋ «ጉ» ነች፤ ጉም ማለት ነው። የደሴን ጉም የሚያውቅ ይስቃል። ግን ከ61ኛው እስከ 68ኛው ደቂቃ ሜዳው ካልታየ፣ በዚያ ሰዓት ምንም አልተፈጠረም ማለት አይደለም። ባዶ ብትተዉት አሰልጣኙ ዜሮ ብሎ ያነበዋል።

«ኮምፒውተር ላይ ከገባ አይሳሳትም።»

ሰንጣቂ ኳስን በ«ሰ» ስንመዘግብ አንዷ ልጅ ስልኳ ላይ «ሠ» ትጽፍ ነበር። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለሰንጠረዡ ሁለት የተለያየ ፊደል። 7 መሆን የነበረበት 4 ወጣ፣ ሦስቱ የሷ ነበሩ። አሁን ሞክሼ የሌላቸውን ፊደላት ብቻ ነው የምንመርጠው፦ ሙ ለሙከራ፣ ማ ለማዕዘን፣ ጥ ለጥፋት፣ ን ለነጠቃ። ሁለተኛው ዓምድ ላይ ምልክቱ፣ ሦስተኛው ላይ ቡድኑ («ቀ» ቀይ፣ «ነ» ነጭ) ካለ፣ የቀዮቹ ሙከራ በዚህች ይቆጠራል፦

```
=COUNTIFS(B:B,"ሙ",C:C,"ቀ")
```

ከፊደሉ ኋላ ባዶ ቦታ ከገባም አትቆጥረውም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጨዋታ በጣታችሁም ቁጠሩት። ካልገጠመ አንድ «ሙ» የሆነ ቦታ ተደብቃለች፤ ሰንጠረዡን በሙሉ በሁለተኛው ዓምድ የፊደል ቅደም ተከተል ደርድሩት፣ ከመንጋው ጫፍ ላይ ታገኟታላችሁ።