ምድቦችን ወደ ቁጥር ስንቀይር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«OrdinalEncoder እኮ ቅደም ተከተሉን ራሱ ያውቀዋል።»

አያውቀውም። ይህ ምድቦችን 0፣ 1፣ 2 እያለ ወደ ቁጥር የሚቀይር የሳይኪት-ለርን መሣሪያ የሚያውቀው ፊደል መደርደር ብቻ ነው። የብድር አመልካቾችን የትምህርት ደረጃ የያዘ ዓምድ አለን እንበል፦ አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ዲፕሎማ፣ ዲግሪ። ምንም ሳትነግሩት ከሰጣችሁት በዩኒኮድ ተራ ይደረድራቸዋል፤ ሁለተኛ ደረጃ 0፣ አንደኛ ደረጃ 1፣ ዲግሪ 2፣ ዲፕሎማ 3 ይሆናሉ። «ሁ» ከ«አ»፣ «ግ» ደግሞ ከ«ፕ» ይቀድማላ! ኮዱ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ይሄዳል፤ ሞዴሉም ዲፕሎማ ከዲግሪ ይበልጣል ብሎ ይማራል። ስለዚህ ተራውን በእጅ መጻፍ ግድ ነው፦

```python
OrdinalEncoder(categories=[
    ["አንደኛ ደረጃ", "ሁለተኛ ደረጃ", "ዲፕሎማ", "ዲግሪ"]])
```

ተራው ከተስተካከለ በኋላም ሊኒየር ሞዴል በየደረጃው መካከል ያለው ርቀት እኩል እንደሆነ አድርጎ ይወስዳል። ይህን የምትቀበሉት መሆኑን አስቡበት። ጭራሽ ተራ የሌለው ነገር ላይ ሲሆን ደግሞ ቀልድ ይሆናል፦ ሀዋሳ 0፣ አዳማ 1፣ ጎንደር 2 ከተባሉ አዳማ የሀዋሳና የጎንደር አማካይ ናት ማለት ነው። የዛፍ ሞዴሎች ዓምዱን ደጋግመው መቁረጥ ስለሚችሉ ጉዳቱ ይቀንስላቸዋል፤ ግን የዘፈቀደውን ተራ ለማፍረስ ብቻ ብዙ ቁርጥ ያባክናሉ።

«LabelEncoderም ያው ነው።»

እሱ የተሠራው ለሚተነበየው ዓምድ፣ ለ`y` ነው። ለሌላው አትጠቀሙበት።

«ዋን-ሆት ምንም አደጋ የለውም፤ ሁልጊዜ እሱን ነው።»

ዋን-ሆት ለእያንዳንዱ ምድብ የራሱን የ0 እና የ1 ዓምድ ይሰጣል፤ ለአምስትና ለአሥር ምድብ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። የቀጣሪ መሥሪያ ቤት ስም ሦስት ሺህ ዓይነት ሲሆን ግን ሦስት ሺህ ዓምድ ይወጣል፤ እያንዳንዱም ከጥቂት ረድፎች በቀር ዜሮ ነው። ዛፉ በአንድ ቁርጥ ነጥሎ የሚያወጣው የአንድን ቀጣሪ ጥቂት ሠራተኞች ብቻ ስለሆነ ዓምዱ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ የማይረባ ይመስላል። ማሰልጠኛውንና መፈተኛውን ለየብቻ `get_dummies` ውስጥ የሚያስገባ ሰው ደግሞ የዓምዶቹ ቁጥር አልገጥም ይለዋል። መፍትሔው `OneHotEncoder`ን በማሰልጠኛው ብቻ አስተምሮ `handle_unknown="ignore"` ማለት ነው። ከዚያም በፊት ግን ዳታውን ተመልከቱት፤ ሀዋሳ፣ ሐዋሳ እና አዋሳ ሦስት ዓምድ ሆነው የወጡበትን ፋይል ስንቴ እንዳየሁ!

«ለየቀጣሪው ብድር ያልከፈሉትን አማካይ አስልቼ በስሙ ፋንታ አስገባሁት። ውጤቱ በአንዴ ዘለለ!»

ይዘላላ። ዘዴው ታርጌት ኢንኮዲንግ ይባላል፤ ውጤቱን በደስታ ሲነግሩኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አማካዩ ከየትኞቹ ረድፎች እንደተሰላ ነው። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ከሁሉም።»

ምን እንደተፈጠረ ለማየት ምንም ትርጉም የሌለው ዳታ እንሥራ። 1000 ተበዳሪዎች፣ 500 ቀጣሪዎች፣ በየቀጣሪው ሁለት ሁለት ሰው። ማን እንዳልከፈለ በሳንቲም እንወስን፤ አንበሳ ከወጣ አልከፈለም፣ 1። ቀጣሪው ስለ መክፈል ምንም አይነግረንም ማለት ነው። አሁን አማካዩን ስናሰላ ወደ 125 ገደማ ቀጣሪዎች ሁለቱም ሠራተኞቻቸው ያልከፈሉ ስለሚሆኑ 1 ያገኛሉ። ሌሎች 125 ገደማ 0፣ የቀሩት 250 ደግሞ 0.5 ያገኛሉ።

ካልከፈሉት ግማሾቹ 1፣ ግማሾቹ 0.5 ይዘዋል፤ ከከፈሉት ግማሾቹ 0፣ ግማሾቹ 0.5። አንድ ያልከፈለና አንድ የከፈለ ሰው በዕጣ ብናወጣ ከአራት ሦስት ጊዜ ያልከፈለው ከፍ ያለውን ቁጥር ይይዛል፤ በአራተኛው እኩል ይወጣሉ። ያልከፈለው ከፍ ያለውን የሚይዝበት ድርሻ፣ እኩሉ በግማሽ ተቆጥሮ፣ ኤዩሲ ይባላል፦ 0.875! ከሳንቲም ውርወራ። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ 0.5 ይሆናል፤ ሳንቲም ነውና። በየቀጣሪው አንድ ሰው ብቻ ቢኖር ኖሮ አማካዩ ራሱ መልሱ ስለሚሆን 1.0 እናገኝ ነበር።

ጉዳቱ ውጤቱን በማጋነን አያበቃም። ሞዴሉ መልሱ በአንድ ዓምድ ተጽፎ ካገኘ ደመወዝን፣ የቀድሞ ብድርን፣ የሥራ ዘመንን ትቶ በእሱ ላይ ይደገፋል። አንድ የማውቀው ቡድን እንዲህ ያለ ሞዴል ሥራ ላይ አውሎ ከቀላሉ የቀድሞ ሞዴላቸው ያነሰ ውጤት ሲያገኝ «ገበያው ተቀይሮ ነው» ብሎ ነበር። ገበያው ምንም አልሆነም።

መመርመሪያው ቀላል ነው፦ `y`ን በዘፈቀደ በውዛችሁ ሁሉንም ሥራ፣ ኢንኮዲንጉን ጨምሮ፣ ከመጀመሪያው ድገሙት። የክሮስ ቫሊዴሽን ኤዩሲው ወደ 0.5 ካልወረደ መልሱ ሾልኮ ገብቷል።

«እኔ ግን ስሙዚንግ አድርጌያለሁ።»

ስሙዚንግ ሌላ ችግር ነው የሚፈታው፦ የጥቂት ሰዎችን አማካይ ወደ አጠቃላዩ ይጎትታል። አጠቃላይ ያልከፋይ ድርሻ 0.10፣ ክብደቱ 20 ይሁን። ሁለት ሠራተኛ ኖሮት ሁለቱም ያልከፈሉበት ቀጣሪ 1.0 መሆኑ ቀርቶ (2 + 2) / 22፣ ማለትም 0.18 ይሆናል። ጥሩ ነው። አንድ ሠራተኛ ብቻ ያላቸውን ቀጣሪዎች ግን እዩ፦ ያልከፈለው 3/21 ማለትም 0.143፣ የከፈለው 2/21 ማለትም 0.095 ያገኛሉ። ቁጥሮቹ ተቀራረቡ እንጂ አልተደባለቁም፤ ዛፍ 0.12 ላይ ቆርጦ ሁለቱን ይለያቸዋል።

«የራሱን መልስ ቀንሼ ነው አማካዩን ያሰላሁት፤ እንዴት ይሾልካል?»

ይህኛው ተንኮለኛ ነው፣ ጎበዞችንም ያታልላል። አሥር ሠራተኞች ካሉት ቀጣሪ አራቱ አልከፈሉም እንበል። ያልከፈለው ሰው ራሱ ሲቀነስ 3/9፣ 0.33 ይይዛል። የከፈለው 4/9፣ 0.44 ይይዛል። በአንድ ቀጣሪ ውስጥ ዝቅ ያለው ቁጥር ሁሉ ያልከፈለ፣ ከፍ ያለው ሁሉ የከፈለ ነው። መልሱ ተገልብጦ ተጽፏል እንጂ አልተሰረዘም።

የሚሠራው ዳታውን በክፍል ከፍሎ የአንዱን ክፍል ቁጥር ከሌሎቹ ክፍሎች ብቻ ማስላት ነው። በሳይኪት-ለርን ከ1.3 ጀምሮ ዝግጁ አለ፦

```python
enc = TargetEncoder(cv=5)
X_tr = enc.fit_transform(train[["employer"]], train["y"])
X_te = enc.transform(test[["employer"]])
```

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በሌሎቹ ኢንኮደሮች `fit` ብሎ ከዚያ `transform` ማለትና `fit_transform` ማለት አንድ ውጤት ይሰጣሉ። በዚህኛው አይሰጡም! ክፍፍሉ የሚሠራው `fit_transform` ውስጥ ብቻ ነው። ማሰልጠኛውን `fit` አድርጋችሁ መልሳችሁ በ`transform` ካሳለፋችሁት ከላይ ወዳየነው ሙሉ አማካይ ተመለሳችሁ። `Pipeline` ውስጥ ብታስገቡት ትክክለኛውን ራሱ ይጠራላችኋል፤ ክሮስ ቫሊዴሽኑንም በፓይፕላይኑ ላይ እንጂ አስቀድሞ በተቀየረ ዳታ ላይ አታካሂዱ።

«ክሮስ ቫሊዴሽን ካለ ታርጌት ኢንኮዲንግ በየትኛውም ዳታ ይሠራል።»

ብድር ቀን አለው። ክፍሎቹ በዘፈቀደ ሲከፈሉ የ2014 ተበዳሪ ቁጥር ከ2016 ክፍያዎች ይሰላል፤ ማመልከቻው በቀረበ ዕለት ያንን ማንም አያውቅም ነበር። እንዲህ ባለ ዳታ የእያንዳንዱ ረድፍ አማካይ ከእሱ በፊት ተበድረው፣ የመክፈያ ጊዜያቸውም አልቆ ውጤታቸው ከታወቀ ሰዎች ብቻ ይሰላ። ያለቀ ታሪክ የሌለው ቀጣሪ አጠቃላዩን አማካይ ይያዝ።